ምግብ ደረት ላይ ሲቆም፦ ጨጓራ ነው ብሎ ማለፍ ለምን አይበቃም?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ከአርሲ መጥተው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ከሦስት ወር ወዲህ የሚበሉት ነገር ደረታቸው መሃል ላይ ይቆምባቸዋል። መጀመሪያ ሥጋ ብቻ ነበር፤ አሁን እንጀራም እየቆመ ውሃ ሲጠጡበት ነው የሚወርደው። ውሃና ሾርባ አይቸግራቸውም። ሰፈራችን ባለው ክሊኒክ ጨጓራ ነው ተብለው ሁለት ጊዜ ኦሜፕራዞል ወሰዱ። ቃጠሎው ለቀቃቸው፤ መቆሙ ግን አለ። ኢንዶስኮፒ ይታዩ ስላቸው "ለጨጓራ ብሎ ቱቦ የሚውጥ ማን አለ?" ይሉኛል። እውነት ያስፈልጋቸዋል ወይስ መድኃኒቱ ይጨመርላቸው?

መልስ፦ ያስፈልጋቸዋል። መድኃኒቱ ከመጨመሩ በፊት ይታዩ፤ ለሚቀጥለው ወር ሳይሆን በዚህ ወይም በሚቀጥለው ሳምንት። አባትዎ ምን እንደያዛቸው ሳላያቸው መናገር አልችልም። ነገር ግን በጥያቄዎ ውስጥ ያሰፈሩት ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ ሥጋ ቀጥሎ እንጀራ መሆኑ፣ ብቻውን ብዙ ይናገራል። እኔ በሕክምና ክፍሌ ውስጥ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የምፈልገው ይህንን ቅደም ተከተል ነው።

ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚወስደው የምግብ ቧንቧ በአዋቂ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከአየር ቧንቧ ጀርባ ይወርድና ልብን ከኋላ ተደግፎ ያልፋል፤ ደረትን ከሆድ የሚለየውን ጡንቻ ሰንጥቆም ጨጓራ ላይ ይገጥማል። እንደ ውሃ ቧንቧ ዝም ብሎ ክፍት ሆኖ የሚቀመጥ አይደለም። ባዶ ሲሆን ተጣጥፎ ይተኛል፣ ጉርሻ ሲመጣ ይለጠጣል፣ ከዚያም ከላይ ወደ ታች እንደ ማዕበል እየጨመቀ ይገፋዋል። ይህ ጉዞ አሥር ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ጤነኛ ቧንቧ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ሊሰፋ ስለሚችል በደንብ ያልታኘከ ሥጋ እንኳን ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል።

የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ቧንቧው ይህን ያህል ስለሚለጠጥ ትንሽ መጥበብ ለባለቤቱ አይሰማውም። ጠጣር ምግብ በየጊዜው መቆም የሚጀምረው የመተላለፊያው ስፋት ወደ 13 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ነው፤ ይህም በትንሿ ጣት ውፍረት ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው "ሥጋ ቆመብኝ" ባለበት ቀን ችግሩ የዚያን ቀን አልተጀመረም፤ ቦታው ቀድሞ ግማሹን ያህል ጠቧል። "እስኪ አንድ ወር እንየው" የሚለው ምክር ለሌላ ሕመም ይሆን ይሆናል፤ ለዚህኛው ግን ያ የመታገሻ ወር በዝምታ አልፎ ሄዷል።

ጨጓራ የሚለው ቃል በእኛ አገር ከእምብርት እስከ ጉሮሮ ላለው ሕመም ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ቃጠሎም ጨጓራ ነው፣ መነፋትም ጨጓራ ነው፣ ምግብ መቆምም ጨጓራ ይባላል። ቃጠሎና መቆም ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቃጠሎ አሲድ የነካው ቦታ ጩኸት ነው፤ ኦሜፕራዞል አሲዱን ሲቀንሰው ጩኸቱ ይበርዳል። መቆም የመንገድ ጉዳይ ነው፤ መንገዱ ጠቧል፣ አለዚያም የሚገፋው ጡንቻ ሥራውን አቁሟል። አባትዎ ቃጠሎው ለቋቸው መቆሙ መቅረቱ መድኃኒቱ የሚችለውን እንዳደረገና የቀረው የመንገዱ ችግር መሆኑን ያሳያል። ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ አለ። ይህ መድኃኒት በካንሰር ምክንያት የመጣ ቁስልን እንኳን ለጊዜው ከላይ ሊያሽረውና ምልክቱን ሊያለዝበው ይችላል፤ ሰውየው ተሽሎኛል ብሎ ይቀመጣል። ሦስተኛውን ዙር ከመግዛት መታየት ይቀድማል የምለው ለዚህ ነው።

በሳምንት ሁለት ቀን ከቃሊቲ አለፍ ብሎ በከተማው ዳር ባለ ክሊኒክ እሠራለሁ። ምግብ ይቆምብኛል የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው "ውሃስ?" ብዬ ነው። ውሃ በደህና እየወረደ ጠጣሩ ብቻ የሚቆም ከሆነ ጥርጣሬዬ ወደ መጥበብ ይሄዳል። ውሃውም እንጀራውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኩል የሚያስቸግሩ ከሆነ ወደ ጡንቻው አስባለሁ። ቀጥዬ "እየባሰ ነው ወይስ እየመጣ ይሄዳል?" እላለሁ። ለዓመታት አልፎ አልፎ፣ በተለይ ተቻኩለው ሥጋ ሲበሉ ብቻ የሚቆምባቸውና በመሃል ደህና የሆኑ ሰዎች አሉ። በእነርሱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በቧንቧው የታችኛ ጫፍ ያለ ቀጭን የቀለበት ዓይነት ጥበት ነው። በሳምንትና በወር እየከፋ፣ ከሥጋ ወደ ዳቦ፣ ከዳቦ ወደ እንጀራ፣ ከእንጀራ ወደ ፍትፍት የሚወርደው ግን ሌላ ነው፤ እርሱን ይዤ ማደር አልፈልግም።

ሰዎች በእጃቸው የሚያሳዩኝን ቦታ ግን ብዙም አላምነውም። የቧንቧው ታች ሲዘጋ ሕመምተኛው ጉሮሮውን ሊያሳይ ይችላል፤ ስሜቱ ወደ ላይ ይሸሻልና። ተቃራኒው ግን እምብዛም አይሆንም። ደረቱን ካሳየ ችግሩ እዚያው ወይም ከዚያ በታች ነው ብዬ እጀምራለሁ። ስለዚህ ጉሮሮን ብቻ በባትሪ አይቶ ምንም የለም ማለት ምርመራ አይሆንም።

የጡንቻው ሕመም ምን እንደሚመስል በአንዲት ሴት ታሪክ ላሳይዎት፤ ከአባትዎ ጋር ያለው ልዩነት ግልጽ ይሆናልና። 29 ዓመቷ ነው፤ ከሰበታ ዳር የመጣች መምህርት ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃም እንጀራም እኩል ይቆምባት ነበር። ተነስታ ቆማ፣ ትከሻዋን ወደ ኋላ ሰብቃ፣ ብዙ ውሃ ስትጨምርበት ሸርተት ብሎ ይወርዳል። ሌሊት ታስላለች፤ ጠዋት ትራሷ ላይ ማታ የበላችው ሽሮ ሳይመር ሳይጎመዝዝ ይገኛል። አስም ነው ተብላ የሚነፋ መድኃኒት ተሰጥቷት ነበር። ሽሮው አለመጎምዘዙ ቁልፉ ነገር ነው፤ ጨጓራ ደርሶ ቢመለስ ኖሮ አሲድ ይነካው ነበር፤ ስለዚህ ጨጓራ አልደረሰም ማለት ነው። ኢንዶስኮፒ አድርገን ዕጢ አለመኖሩን አየን። ከዚያ ባሪየም የሚባለውን ነጭ ፈሳሽ ጠጥታ ራጅ ስትነሳ ቧንቧው ከላይ ተነፍቶ ታች ላይ እንደ ወፍ አፍ ሾሎ ታየ። በሽታው አካሌዥያ ይባላል። በቧንቧውና በጨጓራው መገናኛ ያለው ጡንቻ ምግብ ሲመጣ ላላ ማለት እንዲችል የሚያዘው ነርቭ ጠፍቶ በሩ እንደተጠረቀመ ይቀራል። ነርቩን የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ በሩን ግን በፊኛ መወጠር ወይም ጡንቻውን በቀዶ ሕክምና መቁረጥ ይቻላል። እርሷ ቀዶ ሕክምና አድርጋ አሁን ተኝታ ታድራለች፤ ሳሏም ቆሟል።

አሁን ወደ አባትዎ ዓይነት ታሪክ ልመለስ። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ታሪክ ይዘው መጡ። አንደኛው 58 ዓመት የሆነው አናጢ ነው። ሁለተኛዋ 54 ዓመቷ ነው፤ በገላን በኩል እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት ናት። ሁለቱም አራትና አምስት ወር ቆይቷቸዋል። ሁለቱም በሥጋ ጀምረው ደረቅ ዳቦ ላይ ደርሰዋል። ሁለቱም ጨጓራ ተብለው መድኃኒት ወስደዋል፤ ሁለቱም ትንሽ ተሽሏቸው ነበር። እኔ ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቼ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ጠይቄያቸው፣ ማን ምን እንዳለበት ከታሪካቸው መለየት አልቻልኩም።

አናጢው ልጁ ታግዘው ነበር የመጣው። "ጤነኛ ነኝ፣ እበላለሁ" ይላል። ልጁ ግን "አባዬ፣ ጉርሻ መቀበል ካቆምክ ስንት ጊዜ ሆነህ?" አለችው፤ ዝም አለ። ቤት ውስጥ ጉርሻ ሲዘረጋለት እየሳቀ እጇን ይዞ ወደ እርሷ አፍ ይመልስ ነበር። እንጀራውን እንደ ጥፍር አሳንሶ ይቆርጣል፣ ወጡ ውስጥ እስኪሟሟ ይነክራል፣ አንድ ጊዜ ይውጣል፣ ብርጭቆውን ያነሳል። ሌሎች ጨርሰው እጃቸውን ሲታጠቡ እርሱ ገና ነው፤ ከዚያ "ጠግቤያለሁ" ብሎ ይነሳል። ቀበቶውን ሳይ ሦስት አዲስ ቀዳዳ በሚስማር ተበስቷል። ሚዛን ላይ ሳወጣው 57 ኪሎ ነው፤ ከዓመት በፊት ሌላ ቦታ ሲለካ 68 ነበር። ሰውነት ብልህ ነው፤ መንገዱ ሲጠብ አበላልን ይቀይራል። ሰውየው ሳያውቀው እየተራበ "ደህና ነኝ" የሚለው ለዚህ ነው። አባትዎንም እንዲሁ ይመልከቷቸው። ምን ይሰማዎታል ብለው ከመጠየቅ ይልቅ ማዕድ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅባቸው፣ ጉርሻ ይቀበሉ እንደሆነ፣ ቀበቶአቸው የት እንደሚታሰር ይዩ።

አናጢው ላይ የኢንዶስኮፒው ካሜራ ከፊት ጥርሱ 30 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ያልተስተካከለ፣ ሲነካ የሚደማ እብጠት አሳየን። መሣሪያው አላልፍ አለ። ስምንት ቦታ ትንንሽ ናሙና ቆንጥረን ወሰድን፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ የቧንቧው ሽፋን ካንሰር መሆኑ ተረጋገጠ። ሲቲ ስካን ሲነሳ ከቧንቧው ወጥቶ በዙሪያው ያሉትን ንፊፊቶች ደርሶባቸዋል። የቀዶ ሕክምና ጊዜው አልፎ ነበር። መንገዱ እንዲከፈትና እንዲበላ በውስጡ የብረት መረብ ቱቦ ተደረገለት፣ ከዚያም ለጨረር ሕክምና ወደ ጥቁር አንበሳ ተላከ። እንጀራ ለልጁ ጎርሶ አሳያት። ከአምስት ወር በፊት፣ ሥጋው መጀመሪያ በቆመ ሳምንት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ከባለቀዶ ሕክምናው ጋር የምናወራው ሌላ ይሆን ነበር፤ ይህን የምጽፈው እየቆጨኝ ነው።

እንጀራ ጋጋሪዋ ላይ ደግሞ ጥበቱ ከፊት ጥርሷ 37 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ከጨጓራው በላይ፣ ልሙጥና ክብ ሆኖ ተገኘ። ናሙናው ካንሰር የለውም። ለአሥር ዓመት ያህል ቃጠሎ ነበረባት፤ አሲዱ ደጋግሞ ሲያቆስል፣ ቁስሉ ሲድን፣ ጠባሳው እየተሰበሰበ አጥብቦታል። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀስ በቀስ አሰፋንላት። አንድ ጊዜ ብቻ በኃይል መወጠር ቧንቧውን ሊበሳው ስለሚችል በየደረጃው ነው የሚሠራው። ኦሜፕራዞሉንም ለእርሷ ለረጅም ጊዜ አዘዝኩላት፤ ለእርሷ ያ መድኃኒት ትክክለኛ ነው፣ ምክንያቱም ጥበቱ ተመልሶ እንዳይመጣ ይከላከላል። አሁን ቆሎ ትቆረጥማለች። የእርሷን ታሪክ የምነግርዎ አባትዎ መጥፎው ብቻ የሚጠብቃቸው እንዳይመስልዎ ነው። ያው የምግብ መቆም በአንዷ ላይ በሦስት ቀጠሮ የሚጠፋ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ያንን የሚለየው ግን ካሜራውና ናሙናው ብቻ ነው።

አባትዎ ከአርሲ መሆናቸውን ሳነብ ቀጠሮውን ላሳጥረው ፈለግሁ። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከኢትዮጵያ ጀምሮ በኬንያ በኩል እስከ ማላዊ ድረስ በሚዘረጋ የምሥራቅ አፍሪካ ቀበቶ ላይ ከሌላው ዓለም በበለጠ ይታያል፤ በእኛ አገር ደግሞ አርሲና ባሌ ጎልተው ይወጣሉ። ለምን እንደሆነ አንድ ምክንያት ብቻ አልተገኘም። ከሚጠረጠሩት አንዱ በጣም ትኩስ ነገር መመገብ ነው፤ ከምድጃ እንደወረደ የሚበላ ገንፎና የሚፋጅ ሻይ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ መጠጥን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ካንሰር ሊያስከትሉ ከሚችሉት ተርታ መድቦታል። ትምባሆና አልኮልም አስተዋጽኦ አላቸው። ይህ ሁሉ አባትዎ ካንሰር አለባቸው ማለት አይደለም፤ ትኩስ ገንፎ ሲበሉ ያረጁ ብዙ ጤነኛ ሰዎች አሉ። ለእኔ ትርጉሙ፣ የ61 ዓመት ሰው ከዚያ አካባቢ መጥቶ በሦስት ወር ውስጥ ከሥጋ ወደ እንጀራ ከወረደ፣ "ወጣት ነው፣ ቆይ" የምልበት ምንም ምክንያት የለም ማለት ነው።

ሌሎችም መንስኤዎች አሉ፤ አንባቢዎች የራሳቸውን ታሪክ ሊያገኙባቸው ስለሚችሉ በአጭሩ ልጥቀሳቸው። በልጅነት በስህተት ወይም በጭንቀት ጊዜ በረኪና ወይም ሌላ የሚያቃጥል ኬሚካል የጠጡ ሰዎች ከወራትና ከዓመታት በኋላ ጠባሳው ያጠብባቸዋል። ዶክሲሳይክሊንን ያለ ውሃ ውጠው ወዲያው የተኙ ሰዎች በማግስቱ ደረታቸው ላይ ከባድ ሕመም ይሰማቸዋል፤ ክኒኑ ቧንቧው ላይ ተጣብቆ ስላቆሰለ ነው። በኤች አይ ቪ ምክንያት የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ላይ ፈንገስ ይበቅልና ከመቆሙ ይልቅ መዋጡ ያማል። ትልቅ እንቅርት፣ በልብ ቫልቭ ሕመም የተነሳ ያበጠ የልብ ክፍል፣ ወይም በቲቢ ያበጡ ንፊፊቶች ከውጭ ሊጫኑት ይችላሉ። ሁሉም የየራሳቸው ሕክምና አላቸው፤ በአንዱም ግን በግምት የሚሰጥ የጨጓራ መድኃኒት መልስ አይሆንም።

አባትዎ ስለሚፈሩት ቱቦ ደግሞ እንደሚሆነው ልንገርዎ፣ ለእርሳቸውም ያንብቡላቸው። ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ልዝብ ቱቦ ነው፤ ጫፉ ላይ ካሜራና መብራት አለው። ከምርመራው በፊት ስድስት እስከ ስምንት ሰዓት አይበላም። ለእርሳቸው ግን ምግቡ እየቆየ ስለሚሆን ከቀኑ በፊት ባለው ማታ ፈሳሽ ብቻ ይውሰዱ፤ ቧንቧው ውስጥ የቀረ ምግብ ካሜራውን ይጋርዳል፣ ወደ ሳንባም ሊሄድ ይችላል። የስኳር ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ቀጠሮ ሲይዙ ይናገሩ፤ በራሳቸው አያቁሙ። በቀኑ ጉሮሮአቸው ላይ የሚያደነዝዝ ፈሳሽ ይረጫል። በግራ ጎናቸው ይተኛሉ፣ ጥርሳቸው መካከል የፕላስቲክ ቀለበት ይደረጋል። ቱቦው ሲገባ አንድ ጊዜ የማስመለስ ስሜት ይመጣል፤ ከዚያ በአፍንጫ እየተነፈሱ መቆየት ነው። አየር የሚሄድበት መንገድ ሌላ ስለሆነ አይታፈኑም። ሁሉም ነገር ብዙ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አይዘልም። ናሙና ሲቆነጠር አይሰማም፤ የቧንቧው ሽፋን ለመቆንጠጥ ስሜት የለውም። የሚያዝናና መርፌ የሚሰጡ ቦታዎችም አሉ፤ ከተሰጣቸው ግን አብሮ የሚመለስ ሰው ያስፈልጋል። የጉሮሮው ድንዛዜ እስኪለቅ አንድ ሰዓት ያህል ምንም አይቅመሱ።

ምርመራውን ላደረገው ሐኪም ናሙና ተወስዷል ወይ ብለው ይጠይቁ። ቧንቧው ደህና ቢመስልም እንኳን፣ የሚቆም ምግብ ላለበት ሰው ናሙና መውሰድ ጥሩ ነው፤ በዓይን የማይታይና በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚለይ የአለርጂ ዓይነት ብግነት አለና። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ያልተነሱ ውጤቶች ናቸው። ሰዎች የካሜራውን ፎቶ ይዘው ይሄዳሉ፤ የናሙናው ወረቀት ግን በመደርደሪያ ላይ ይቀራል። የሚነሳበትን ቀን በስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። ካሜራውም ናሙናውም ምንም ባያሳዩ፣ ምግቡ ግን መቆሙን ካላቆመ፣ ነገሩ አልቋል ማለት አይደለም። ባሪየም ጠጥቶ ራጅ መነሳት ቀጣዩ ነው፤ ጅማሬ ላይ ያለ አካሌዥያ ካሜራን ሊያመልጥ ይችላልና። የኢንዶስኮፒ ቀጠሮ ሩቅ ከሆነ ራጁን አስቀድሞ መነሳት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ራጅ ናሙና መቆንጠር ስለማይችል የኢንዶስኮፒው ምትክ አይሆንም።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይብሉ፤ ከምግብ በኋላም ወዲያው አይተኙ። አጥሚት፣ የተቀጠቀጠ ምስርና ሽሮ፣ የተመታ እንቁላል፣ የለዘበ ፍትፍት ይሁን፤ ሁሉም ለብ ብሎ። ሥጋ ይቅር። በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን ይመዝኗቸው፤ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከቀነሱ ቀጠሮውን ለማስቀደም ይጠቀሙበት። አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ ምግብ ሲቆምባቸው "በደረቅ ዳቦ ግፉት" የሚል ምክር በየሰፈሩ አለ። አያድርጉት፤ ጠባብ ቦታ ላይ ሌላ ድንጋይ መጨመር ነው። ምራቃቸውን እንኳን መዋጥ አቅቷቸው ወደ ውጭ መትፋት ከጀመሩ፣ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው፤ የቆመው ምግብ ቢዘገይ በስድስት ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት። ደም ካስመለሱ፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ውሃ ሲጠጡ ትን ካላቸውና ካሳላቸው፣ ወይም ድምፃቸው ከተለወጠ፣ እንዲሁ አይቆዩ።

የሪፈር ወረቀት ጉዳይ ደግሞ አለ። በማኅበረሰብ ጤና መድን የሚታከሙ ከሆነ መጀመሪያ ከጤና ጣቢያው ሪፈር ያስፈልጋቸዋል፤ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ያለው ወረፋ ደግሞ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ቃል ይወሰናል። "የጨጓራ ሕመም" ተብሎ ከተጻፈ ወረፋው እንደ ጨጓራ ይሄዳል። ስለዚህ ለሚጽፈው ሐኪም በትህትና እንዲህ እንዲሰፍር ይንገሩት፦ "61 ዓመት፤ ከሦስት ወር ወዲህ እየባሰ የሚሄድ የጠጣር ምግብ መቆም፤ ሥጋ ቀጥሎ እንጀራ፤ ፈሳሽ ያልፋል፤ ለአሲድ መድኃኒት መልስ አልሰጠም፤ ክብደት ከዚህ ወደዚህ።" ኪሎውን አሁኑኑ መዝነው ይሙሉበት። እንዲህ የተጻፈ ወረቀት የሚያነበው ሰው ከመደዳው ያወጣዋል።

አባትዎ ደግሞ "ለጨጓራ ብሎ ቱቦ የሚውጥ ማን አለ" ሲሉ ትክክል ናቸው። ለጨጓራ አይደለም ይበሏቸው፤ እንጀራው የቆመበትን ቦታ ለማየት ነው። ካልሰሙዎት ነገ ማዕድ ላይ አንድ ጉርሻ ያዘጋጁና ይዘርጉላቸው፤ አልቀበልም ካሉ ለምን እንደሆነ ከእርስዎ ቀድመው የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው። የናሙናው ወረቀት ሲወጣ ከኢንዶስኮፒው ጽሑፍ ጋር አድርገው ይላኩልኝ፤ ጥበቱ ከጥርስ ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደተገኘና መሣሪያው አልፎ እንደሆነ የሚገልጸውን መስመር እንዳይረሱ።